«መማሰል የለበትም» ብዬ ጻፍኩ፣ እንግሊዝኛው «ባይማሰልም ይሆናል» ሆኖ ሄደ

የማንኪያ ልጅ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ቡና ላኪ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ናሙና መቁላትና መቅመስ ነው። ባለፈው ወር አለቃዬ «እንዴት እንደምንቀምስ በእንግሊዝኛ ጻፊና ለገዢው እንላክለት፣ እነሱም እንደኛው ይቅመሱ» አለኝ። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መለስኩት። አንድ ገጽ ተኩል ሆነልኝና ደስ አለኝ።

ትናንት መልስ መጣ። የገዢው ሰዎች ከአምስቱ ስኒ ሦስቱን ውሃ እንደጨመሩ በማንኪያ አማስለዋቸዋል። ሁለቱን ትተዋቸዋል። «ጽሑፋችሁ እንደፈለጋችሁ አድርጉ ነው የሚለው» ብለው ጻፉልን። ቅምሻ ለማያውቅ፦ የተፈጨው ቡና ላይ ሙቅ ውሃ ሲጨመር ዱቄቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ በማንኪያ ይሰበርና አፍንጫህን አስጠግተህ ታሸታለህ። ቀድሞ ከተማሰለ የሚሸተት ነገር አይኖርም፣ ጣዕሙም ሌላ ይሆናል። እና የአምስቱ ስኒ ውጤት እርስ በርሱ አልገጠመም። ቡናው ወጥ አይደለም ተባልን።

ችግሩ ያለባቸውን ሦስቱን ላስቀምጥ። በመድረኩ ደንብ መሠረት እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌዋለሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

አማርኛዬ፦ «ናሙናው ከተቆላ በኋላ ወዲያው በአየር መቀዝቀዝ አለበት።»
እንግሊዝኛዬ፦ «አፍተር ዘ ሳምፕል ሃዝ ሮስትድ፣ ኢት ማስት ኩል ባይ ኤር።»

አማርኛዬ፦ «ሲፈጭ ከ15 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ውሃ መጨመር አለበት።»
እንግሊዝኛዬ፦ «ዌን ኢት ኢዝ ግራይንድድ፣ ዎተር ማስት ቢን አድድ።»

አማርኛዬ፦ «ሽፋኑ እስኪሰበር ድረስ መማሰል የለበትም።»
እንግሊዝኛዬ፦ «ኢት ዳዝንት ሃቭ ቱ ቢ ስተርድ አንቲል ዘ ክረስት ዊል ቢ ብሮክን።»

ሦስተኛው ላይ የት ነው የተሳሳትኩት? አለበት «ሃዝ ቱ» ከሆነ፣ የለበትም «ዳዝንት ሃቭ ቱ» አይደለም እንዴ?

---

ባንድ ሰባት (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05)

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ አይኤልትስን ሁለቴ ተፈትኛለሁ፣ ፕሮሰስ ዲያግራም ደርሶኝ ያውቃል። 150 ቃል በ20 ደቂቃ። የሚያስፈልግሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁሉንም በፕረዘንት ሲምፕል ፓሲቭ ጻፊው። ኢዝ ሮስትድ፣ ኢዝ ኩልድ፣ ኢዝ ግራውንድ፣ አለቀ። ማስት፣ ሹድ፣ ሃዝ ቢን የሚባሉት ፕሮሰስ ውስጥ አይገቡም። ነገሩን ያወሳስቡታል እንጂ አይጠቅሙም። አስተማሪዬ እንደዚያ ነው ያለኝ፣ ያገኘሁትም 7 ነው።

---

አሮጌ ጠመኔ (ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20)

ልጄ የማንኪያ ልጅ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ስህተትሽም ያልተማረ ሰው ስህተት አይደለም። ደንብ አውቀሽ፣ ደንቡን እስከ መጨረሻው ተከትለሽ ነው የወደቅሽው።

በመጀመሪያ ለባንድ ሰባት። ፈተናው ላይ የምትገልጸው አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሲሚንቶ እንዴት ይመረታል ቢሉህ፣ አንባቢው ሲሚንቶ ሊያመርት አይነሳም። ስለዚህ ኢዝ ክረሽድ፣ ኢዝ ሚክስድ ይበቃል። የእሷ አንባቢ ግን ማንኪያ ይዞ ቆሟል። ምን ግዴታ እንደሆነ፣ ምን እንደተከለከለ፣ የቱ ሳያልቅ የቱ እንደማይጀመር ማወቅ አለበት። ይህንን ኢዝ ብቻውን አይናገርም። ላንተ ፈተና ልክ ነህ፣ ለእሷ ሥራ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ «የለበትም»። በአማርኛ «መማሰል የለበትም» ስንል ክልከላ ነው። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ከፈለግህ አማስል» ብሎ አይሰማውም። አፍራሹ የተንጠለጠለው «አለ» ላይ ቢሆንም የሚከለክለው ማማሰሉን ነው። እንግሊዝኛው «ዳዝንት ሃቭ ቱ» ግን የሚያፈርሰው ግዴታውን ነው። ግዴታው ሲነሳ ምን ይቀራል? ምርጫ። ስለዚህ ገዢዎችሽ ያነበቡት «ሽፋኑ እስኪሰበር መማሰሉ ግዴታ አይደለም» የሚል ነው። ሦስቱን አማሰሉ፣ ሁለቱን ተዉ። ጽሑፍሽን በትክክል ነው የታዘዙት!

ክልከላ ስትፈልጊ «ማስት ኖት ቢ ስተርድ» በይ። ነፃ መተው ስትፈልጊ ደግሞ «ዳዝንት ሃቭ ቱ ቢ ስተርድ» ወይም «ኒድ ኖት ቢ ስተርድ» በይ። መፈተኛው ቀላል ነው። አማርኛሽን ወስደሽ «የለበትም»ን በ«ባይማሰልም ይሆናል» ተኪው። ትርጉሙ ካልተለወጠ «ዳዝንት ሃቭ ቱ» ይሆንልሻል። ከተለወጠ «ማስት ኖት» ነው።

አለበት ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ማስትም ሃዝ ቱም። መንገዱ የሚለያየው አፍራሹ ሲመጣ ነው። ለዚህ ነው ተማሪ ሁሉ እዚያ ላይ የሚወድቀው።

---

ጀበና በጠዋት (ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00)

እኔ ግን አልገባኝም። ቡና ውስጥ ማንኪያ ምን ይሠራል? ጀበናው ካረፈ በኋላ አይነካም፣ አተላው ይነሳል። እናቴ ጀበና የሚያወዛውዝ ሰው ስታይ «ቡናውን አስቀየምከው» ትል ነበር። ለፈረንጆቹ ጀበና ላኩላቸውና ይገላገሉ።

---

የማንኪያ ልጅ (ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15)

ጀበና በጠዋት፣ 😂 ቅምሻ ነው እንጂ ቡና መጠጣት አይደለም። አተላው እዚያው ስኒው ውስጥ ነው። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፣ እንዳረፈ ይቆይ ነው።

ጋሽ ጠመኔ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሦስተኛው ገባኝ። አንደኛው ላይስ? «ሃዝ ሮስትድ» ስል ስህተት መሆኑን አሁን ጠርጥሬያለሁ፣ «ሃዝ ቢን» ነው መሰለኝ። «ማስት ኩል» ግን ምኑ ላይ ነው የሚያስቀው? አማርኛዬ «መቀዝቀዝ» ነው እንጂ «መቀዝቀዝ መደረግ» አይደለም።

---

አሮጌ ጠመኔ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ገና አሁን ተቀመጥኩ። ልጅቷ ሳታውቀው ዋናውን ነገር ነክታዋለች።

አማርኛችን ሁለት ዓይነት ግስ አለው። አንደኛው «ቆላ» ብሎ ሰው ይሠራዋል፣ ነገሩ ሲደረግበት «ተቆላ» ይሆናል። ፈጨ፣ ተፈጨ። መዘነ፣ ተመዘነ። ሰበረ፣ ተሰበረ። «ተ» መጣች ማለት እንግሊዝኛው ቪ ስሪ ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ «ተቆልቷል» ሲሆን «ሃዝ ቢን ሮስትድ»፣ «መቆላት አለበት» ሲሆን «ማስት ቢ ሮስትድ» ነው። አንቺ «ሃዝ ሮስትድ» ስትይ ናሙናው ራሱ ሌላ ነገር ቆላ እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ነው ተንኮለኛው። ቀዘቀዘ፣ ደረቀ፣ ሞቀ፣ ፈላ፣ በሰለ። እነዚህ በራሳቸው የሚሆኑ ነገሮች ናቸው። ሰው ሲያደርጋቸው «አ» ይጨምራሉ፦ አቀዘቀዘ፣ አደረቀ፣ አሞቀ፣ አፈላ። ሰው አድርጓቸው አድራጊውን ስትደብቂ ግን «ተቀዘቀዘ» አትዪም። ተመልሰሽ «ቀዘቀዘ» ነው የምትዪው። ስለዚህ አንድ «ቀዝቅዟል» ውስጥ ሁለት ነገር ተደብቋል፦ ራሱ ቀዘቀዘ፣ ሰውም አቀዘቀዘው። አማርኛ አይለያቸውም፣ ወይም «እንዲቀዘቅዝ ተደረገ» ብሎ ዙሪያውን ይሄዳል።

እንግሊዝኛ ግን ያስመርጥሻል። ሰው ሆን ብሎ ካቀዘቀዘው «ሃዝ ቢን ኩልድ» ነው። በራሱ ከሆነ «ሃዝ ኩልድ»። እስቲ ቅምሻችሁን አስቢው። ከመቁያው ሲወጣ ወዲያው በአየር ማቀዝቀዝ የእናንተ ሥራ ነው አይደል? በውሃ አይደለም። ስለዚህ «ማስት ቢ ኩልድ»። «ማስት ኩል» ካልሽ ቡናውን ራሱን ነው ያዘዝሽው፣ «ቀዝቅዝ!» እንደማለት።

---

እሳትና ቡና (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ጋሼ እውነት ነው፣ ከመቁላቱ ወገን ልጨምር። መቁያ ላይ 11 ዓመት ሆኖኛል። ማቀዝቀዝ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ማራገቢያው እየነፋ፣ ቡናው በወንፊቱ ላይ እየዞረ ታቀዘቅዘዋለህ። ይህ ማስት ቢ ኩልድ ነው፣ ካላደረግኸው ቡናው በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። ቀጥሎ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ ትጠብቃለህ። ያኔ ነው አየር በማያስገባ ዕቃ የሚዘጋው። ይሄኛው ሃዝ ኩልድ ነው፣ ምንም አታደርግም፣ ትጠብቃለህ። ከዚያ ቢያንስ 8 ሰዓት ያርፋል፣ ቅምሻው ደግሞ ከተቆላ በ24 ሰዓት ውስጥ መሆን አለበት።

ሌላ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። የቅምሻው ደንብ ውሃው 93 ዲግሪ ይሁን ይላል። አንድ ቦታ «ዘ ዎተር ማስት ቢ ሂትድ ቱ 93» ብሎ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። ከማንቆርቆሪያው በላይ፣ እዚሁ መሀል አዲስ አበባ። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ክፍት በሆነ ማንቆርቆሪያ 93 አይሞቅም፣ ቢለምኑትም አይሞቅም። ልጁ ቴርሞሜትር ይዞ 93ን ሲጠብቅ ውሃው ግማሽ ሆነበት። ማስት የሚባለው ቃል የሚቻለውን ብቻ ቢያዝ ጥሩ ነው።

---

አሮጌ ጠመኔ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25)

እሳትና ቡና፣ ይህችን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ባገኛት ኖሮ! «ካኖት ቢ ሂትድ» እና «ማስት ኖት ቢ ሂትድ» ምን ይለያቸዋል ሲሉኝ ምሳሌ ይቸግረኝ ነበር። የመጀመሪያው ተራራው ነው የከለከለህ፣ ሁለተኛው አለቃህ።

---

ቀበና ማዶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00)

ጋሼ በትሕትና ልቃወም። ሰፈራችን ውስጥ «ቡና ተፈልቷል፣ ኑ» ይባላል። «ፈልቷል» ብቻ አይደለም። «ተ» አትገባም ያሉት ታዲያ እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ «አማሰለ»ም በ«አ» ነው የሚጀምረው። በእርስዎ ደንብ «ማሰለ» መባል ነበረበት። ግን «ተማሰለ» ነው የምንለው።

---

አሮጌ ጠመኔ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50)

ሁለተኛው ቀላል ነው። «ማሰለ» የሚባል ግስ የለም። የ«አማሰለ» «አ» ከሥሩ ጋር የተወለደች ናት እንጂ የተጨመረች አይደለችም። ስለዚህ እንደ «ቆላ» ነው የሚሄደው። ደንቤን የማስተካክለው እንዲህ ነው፦ «አ»ን ስታነሳ የሚቀረው ቃል በራሱ ትርጉም ካለው ነው ሁለተኛው ወገን ውስጥ የሚገባው።

«ተፈልቷል»ን እኔ አልልም። ትላላችሁ ካላችሁ ግን ጆሮዬን አልዘጋም። ሰው ያፈላው ቡና ስለሆነ «ተ» ጎትተው ያመጡት ይመስለኛል። ውሃ «ተፈልቷል» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። አንተስ?

---

ቀበና ማዶ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10)

ውሃ «ፈልቷል» ነው። እውነትዎን ነው። ቡና ግን ተፈልቷል። አለቀቅኩም። 🙂

---

ትርጉም ቤት (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5፡30)

ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀኑ ይመጣልኛል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልነካውምና እኔ ልያዘው።

«ዎተር ማስት ቢን አድድ» ውስጥ «ቢን» ቦታዋ አይደለም። ከማስት፣ ከሹድ፣ ከካን ቀጥሎ የምትመጣው «ቢ» ናት። «ቢን» የምትመጣው ከሃዝ ወይም ከሃቭ ቀጥሎ ነው። ሁለቱ ቦታ አይለዋወጡም። ስትጽፊ ከፊቷ ያለውን ቃል ብቻ እዪ።

«ግራይንድድ» የሚባልም የለም። ቪ ስሪው «ግራውንድ» ነው፣ መሬት ከሚባለው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ። አንድ ደንበኛ «ኮፊ ሃዝ ቢን ግራውንድ»ን አይቶ «ቡናው መሬት ሆኗል ነው የሚለው» ብሎ አስመለሰኝ። ገንዘቡንም አስቀረብኝ ማለት ይቻላል።

ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ዌን ኢት ኢዝ» ነው። በአማርኛ «ሲፈጭ» ብለሻል። ሲፈጭ ማለት እየተፈጨ ሳለ ሊሆን ይችላል፣ ተፈጭቶ እንዳበቃም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ይወላውላል። «ዌን ኢት ኢዝ ግራውንድ» ብለሽ ስትሰጪው አንዱ ወፍጮው እየዞረ ውሃ ለመጨመር ማንቆርቆሪያ ያነሳል። «ዌን ኢት ሃዝ ቢን ግራውንድ» ስትይ ግን ወፍጮው ቆሟል። የፕረዘንት ፐርፌክት ፓሲቭ ሥራ ይሄ ነው፦ በሩን ይዘጋል። ከኋላው ያለው ሥራ አልቋል፣ ቀጣዩ ይጀመር ይላል።

«አንቲል ዊል ቢ ብሮክን»ም ይነሳ። ከአንቲል፣ ከአፍተር፣ ከዋንስ ቀጥሎ ዊል አይገባም። እዚህ ላይ አማርኛችን ያሳስተናል። «ከተሰበረ በኋላ» ስንል ያለፈ ይመስላልና ሃዝ ቢን ትዝ ይለናል። «እስኪሰበር ድረስ» ስንል ግን ገና የሚመጣ ስለሚመስል ዊል ይመጣብናል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ልብስ ነው የሚያለብሳቸው፦ «አፍተር ኢት ሃዝ ቢን ብሮክን»፣ «አንቲል ኢት ሃዝ ቢን ብሮክን»።

---

ባንድ ሰባት (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5፡50)

«አንቲል ኢት ኢዝ ብሮክን»ስ ስህተት ነው?

---

ትርጉም ቤት (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡00)

አይደለም፣ ልክ ነው። ሽፋን መስበር የአንድ አፍታ ነገር ስለሆነ ብዙም አያሳስትም። ማድረቅ፣ መቁላት፣ መፍጨት የመሰለ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ሲሆን ነው «ሃዝ ቢን» የሚሻለው።

---

ባንድ ሰባት (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15)

እሺ ተሸነፍኩ፣ ማስትና ሃዝ ቢን ይግቡ። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱን ለምን አናጋባቸውም? «ዘ ሳምፕል ማስት ሃቭ ቢን ሮስትድ»። ተቆልቶ መሆን አለበት። ግዴታም አለው፣ ያለቀ ሥራም ነው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

---

አሮጌ ጠመኔ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡40)

ተጠንቀቅ። ራስህ የጻፍከውን አማርኛ ጮክ ብለህ በለው። በር ከፍተህ ገብተህ ሽታው ሲመታህ ምን ትላለህ? «ቡና ተቆልቶ መሆን አለበት»። ግዴታ ነው? አይደለም፣ ግምት ነው። እንግሊዝኛውም ልክ እንደዚያው ነው። «ማስት ሃቭ ቢን ሮስትድ»ን ብቻውን ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ሳይቆላ አልቀረም» ብሎ ነው የሚረዳው።

---

ትርጉም ቤት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05)

ጋሼ፣ በዚህ እንኳ አልስማማም። የጨረታ ሰነድና የማመልከቻ መስፈርት ስተረጉም ይሄ አነጋገር በግዴታ ትርጉሙ ይመጣል። ዕቃው ከርክክቡ በፊት ተመርምሮ መገኘት አለበት ለማለት «ማስት ሃቭ ቢን ኢንስፔክትድ» ይላሉ። እዚህም «ማስት ሃቭ ቢን ሮስትድ አት ሊስት 8 አወርስ ቢፎር ካፒንግ» ቢባል ማንም እንደ ግምት አይወስደውም። የጊዜው ገደብ ያድነዋል።

---

አሮጌ ጠመኔ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20)

ገደቡ ካለ እሺ። እኔ ግን ለአዲስ ጸሐፊ አልመክረውም። አንድ ቀን ገደቡን ትረሳለች።

---

ነጭ ጋዋን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ካዛንቺስ አካባቢ የመድኃኒት ጥራት ምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። የኛ ወረቀቶች ሁሉ ፓሲቭ ናቸው፣ እና አንጀቴን ያቃጥሉኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ልጅ የአሠራር መመሪያ ጻፈ። ከላይ እስከ ታች «ሃዝ ቢን»፦ ሃዝ ቢን ዌይድ፣ ሃዝ ቢን ዲዞልቭድ፣ ሃዝ ቢን ፊልተርድ። ቪ ስሪው ሁሉ ትክክል፣ አንድ ስህተት አይገኝበትም። ግን መመሪያ አልነበረም። ሳነበው «ዛሬ ጠዋት ይህን ይህን ሠርተናል» የሚል ሪፖርት ነው የሚመስለው። ሌላዋ ባልደረባ አንስታው ሥራው ያለቀ መስሏት ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። ስለዚህ እህቴ፣ ሃዝ ቢንን አፍተርና ዋንስ ባሉበት ክፍል አስቀምጪ። ዋናው ክፍል ላይ ማስት ቢ ወይም ኢዝ ይሁን።

ሁለተኛ ቅሬታዬ፦ ፓሲቭ ሠራተኛውን ይደብቃል። «ማስት ቢ ክሊንድ» ይላል። ማን? እኛ ጋ ሚዛኑ ለሁለት ሳምንት ያልጸዳው ሁሉም «መጽዳት አለበት» የሚለውን አንብቦ በሌላው ስላሳበበ ነው። እኔ ብሆን «ዘ ቴክኒሻን ማስት ክሊን» ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ።

---

እሳትና ቡና (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50)

ነጭ ጋዋን፣ አንተ ጋ እንደዚያ ይሆናል። ቅምሻ ላይ ግን ማን እንደፈጨው ማንንም አይገደውም። የሚያስፈልገው ቡናው መፈጨቱ ነው። በየመስመሩ «ዘ ካፐር ማስት» እያልክ ብትጽፍ አንባቢው ቡናውን ትቶ ሰውየውን ነው የሚያየው።

---

ነጭ ጋዋን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00)

ስኒው ሳይታጠብ ሲቀር ሰውየውን ማየትህ አይቀርም።

---

የማንኪያ ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡15)

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ አማርኛዬን አስተካከልኩት፦ «ሲፈጭ»ን ወደ «ተፈጭቶ ካበቃ በኋላ»፣ «የለበትም»ን ወደ «ፈጽሞ እንዳይማሰል»። እዪልኝ።

«ዘ ሳምፕል ማስት ቢ ሮስትድ ዊዚን 24 አወርስ ኦፍ ካፒንግ።»

«አፍተር ኢት ሃዝ ቢን ሮስትድ፣ ኢት ማስት ቢ ኩልድ ኢሚዲየትሊ ዊዝ ኤር፤ ዎተር ማስት ኖት ቢ ዩዝድ።»

«ዋንስ ኢት ሃዝ ኩልድ ቱ ሩም ቴምፕሬቸር፣ ኢት ማስት ቢ ሲልድ ኤንድ ሌፍት ፎር አት ሊስት 8 አወርስ።»

«ዋንስ ኢት ሃዝ ቢን ግራውንድ፣ ዎተር ማስት ቢ አድድ ዊዚን 15 ሚኒትስ።»

«ዘ ካፕ ማስት ኖት ቢ ስተርድ አንቲል ዘ ክረስት ሃዝ ቢን ብሮክን፣ 3 ቱ 5 ሚኒትስ ሌተር።»

ስለ ውሃው «ማስት ቢ ሂትድ ቱ 93» የሚለውን አውጥቼ ገና እንደፈላ ይጨመር ብዬዋለሁ። ገዢው ያለበት አገር ግን ዝቅታ ነው፣ እዚያ ገና የፈላ ውሃ ከኛው በጣም ይሞቃል ብዬ አሁን እየሰጋሁ ነው።

---

ትርጉም ቤት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡40)

ጎበዝ። «ሃዝ ኩልድ» እና «ማስት ቢ ኩልድ» ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ላይ «ማስት ቢ ሲልድ ኤንድ ሌፍት» ስትይ «ማስት ቢ»ን ሁለተኛ አለመድገምሽ ልክ ነው። አንዷ ለሁለቱም ትበቃለች።

የመጨረሻው ላይ ግን ችግር አለ። «3 ቱ 5 ሚኒትስ ሌተር» ከማን በኋላ እንደሆነ አይታወቅም። ከመፈጨቱ? ውሃው ከተጨመረ? ገዢው ደቂቃውን ከወፍጮው ከጀመረ ሽፋኑን ገና ሳይሠራ ይሰብረዋል። እንዲህ በዪው፦ «አፍተር ዘ ዎተር ሃዝ ቢን አድድ፣ ዘ ካፕ ማስት ቢ ሌፍት አንተችድ ፎር 3 ቱ 5 ሚኒትስ። ዘ ክረስት ካን ዜን ቢ ብሮክን።»

---

አሮጌ ጠመኔ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10)

«ካን ዜን ቢ ብሮክን» ካልሽ አንዱ ተነስቶ «ይቻላል ነው እንጂ ግዴታ አይደለም» ብሎ ሳይሰብረው እንዳይቀር። እነዚህ ሰዎች ቃል በቃል የሚታዘዙ መሆናቸውን አይተናል። «ማስት ዜን ቢ ብሮክን» አድርጊው።

ውሃው ላይ ደግሞ 93ን መልሺለት። እሱ አገር ይቻላል። ማስት የሚለውን የምታወጪው ከእናንተ ግድግዳ ላይ ነው።

---

የማንኪያ ልጅ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30)

ሁለቱንም አስተካክዬ ልኬዋለሁ። አለቃዬ አንብቦት «ማስት በዛ፣ ገዢውን የምናዝዘው ይመስላል፣ ሹድ አድርጊው» አለኝ። ማማሰሉ ላይ ያለውን ማስት አልለወጥኩትም። ሌሎቹን ግን እንግዲህ… ሁለቱን ወደ ሹድ አወረድኳቸው።

---

ጀበና በጠዋት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00)

ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ቡና ስታወሩ አንድ ሰው እንኳ «ኑ ጠጡ» አላለም። ቀበና ማዶ፣ እናንተ ሰፈር ተፈልቷል ወይስ ፈልቷል?

---

ቀበና ማዶ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡05)

ተፈልቷል። ሁለተኛው ላይ ነን፣ ቶሎ ድረሺ።